«ብር» ከቁጥሩ ፊት ይሁን ከኋላ? የዋጋ ዝርዝር መደርደር እምቢ ሲል

ጥያቄ፦ «የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። የዋጋ ዝርዝሬን የምይዘው ኤክሴል ላይ ነው። ከዋጋው ፊት ብር ብዬ ስጽፍ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር እምቢ አለኝ። 12500 የሚሸጠው ስልክ ከ90 ብሩ ስክሪን ፕሮቴክተር በላይ ይወጣል። ጓደኛዬ ብሩን ከኋላ አድርገው ይስተካከላል አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ ከዱባይ የማስመጣቸው፣ በድርሃም የተገዙ ዕቃዎች አሉ። ሁሉም አንድ ዝርዝር ውስጥ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።»

ጓደኛዎ ተሳስቷል። ብሩ ከፊት ቢሆንም ከኋላ ቢሆንም ያው ነው። ዝርዝሩን ያበላሸው «ብር» የሚለውን ቃል በእጅዎ ሴሉ ውስጥ መጻፍዎ ነው። ኤክሴል በአንድ ሴል ውስጥ ከቁጥር ጋር ፊደል ካገኘ ሙሉውን እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል። 450 ብቻ ሲሆን ቁጥር ነው። «ብር 450» ሲሆን ግን ለእሱ ከሰው ስም አይለይም። ስም ሲደረደር ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ እየታየ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ዝርዝር ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲባል እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

```
ብር 12500
ብር 1800
ብር 250
ብር 450
ብር 90
```

ለእኛ ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል እንጂ እንደ ፊደል ተራ ፍጹም ትክክል ነው። «ብር» ሁሉም ላይ ስላለ ልዩነት አያመጣም። ቀጥሎ ያለው 1 ከ2 ይቀድማል፣ 2 ከ4፣ 4 ከ9። ሁለቱ በ1 የሚጀምሩት ሲወዳደሩ ሁለተኛው ላይ 2 ከ8 ይቀድማልና 12500 አንደኛ ወጣ። ብሩን ወደ ኋላ ወስደው «12500 ብር»፣ «90 ብር» ብለው ቢጽፉት ውድድሩ ከመጀመሪያው አኃዝ ይጀምራል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ የሚሳሳትበት ምክንያት አለው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተዘጋጀ ከሆነ $450 ብለው ሲጽፉ ኤክሴል የዶላር ምልክቱን ያውቀዋል። ራሱ ነጥሎ 450 ቁጥር አድርጎ ይይዘውና ምልክቱን ለዕይታ ብቻ ይተወዋል። ዶላር ከሠራ ብርም ይሠራል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ብር ግን በእንደዚያ ባለ ኮምፒውተር ላይ እንደማንኛውም ቃል ነው።

ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ይሁን ጽሑፍ በዓይን ይለያል። አሰላለፉን ካልነኩት ቁጥር ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ሌላው መንገድ ዋጋዎቹን በሙሉ መርጦ ከታች ያለውን መስመር ማየት ነው። ቁጥር ከሆኑ Sum እና Average ይታያሉ። ጽሑፍ ከሆኑ Count ብቻ ይወጣል። እኔ የምመርጠው ግን ባዶ ቦታ ላይ እነዚህን ሁለት ቀመሮች መጻፍ ነው፦

```
=COUNTA(B2:B241)
=COUNT(B2:B241)
```

የመጀመሪያው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ቁጥር የሆነውን ብቻ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ልዩነቱ የተበላሸው ሴል ብዛት ነው። የእርስዎ አሁን ሁለተኛው ዜሮ ቢል አይደንግጡ።

መፍትሔው ሴሉ ውስጥ ባዶ ቁጥር ብቻ አስቀምጦ ብሩን በፎርማት ማልበስ ነው። ፎርማት የሚቀይረው ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው። ሴሉ ውስጥ 450 አለ፤ ስክሪኑ ላይ «450.00 ብር» ይታያል። ሲደረደርም ሲደመርም የሚሠራው 450 ነው። ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ መጀመሪያ ማጽዳት፣ ከዚያ ፎርማት። «ፎርማቱን ቀየርኩት፣ ምንም አልተለወጠም» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያውን ዘለው ነው። የቁጥር ፎርማት ጽሑፍ ላይ አይሠራም።

ለማጽዳት ቀላሉ Find & Replace ነው። ፋይሉን ኮፒ አድርገው አንዱን ያስቀምጡ። የዋጋውን ኮለም ብቻ ይምረጡና ፎርማቱን General ያድርጉት። Ctrl+H ተጭነው Find what ላይ «ብር» ይጻፉ፣ Replace with ባዶ ይሁን፣ ከዚያ Replace All። ክፍተትም ካለ በሌላ ዙር ክፍተቱን እንዲሁ ያጥፉ። ፊደሉ ሲጠፋ ኤክሴል ሴሉን እንደገና አንብቦ ቁጥር ያደርገዋል።

ኮለሙን ብቻ ይምረጡ ያልኩት ለወግ አይደለም። አንድ ሴል ላይ ቆመው Replace All ካሉ ኤክሴል ሙሉውን ሺት ነው የሚያጸዳው። ያኔ «ባለ ብርሃን ቻርጀር» የሚለው ዕቃ «ባለ ሃን ቻርጀር» ይሆናል። የደንበኛ ስም ያለበት ሺት ላይ ብርሃኑ «ሃኑ» ሆኖ፣ ብርቱካን «ቱካን» ሆና አይቻለሁ። ባለቤቱ ያስተዋለው ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ከዘጋው በኋላ ነበር።

ሌላው ወጥመድ ከዚህ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። አንዳንዱ ሠራተኛ «Br.450» ወይም «ብር.450» ብሎ ይጽፋል። ብሩን ብቻ ሲያጠፉ የሚቀረው «.450» ነው። ኤክሴል ይህን በደስታ ቁጥር ያደርገዋል፤ 0.45፣ ማለትም አርባ አምስት ሳንቲም። ስህተት ነው አይልዎትም። ስለዚህ ነጥብ ያለበትን «ብር.» እና «Br.» አስቀድመው ያጥፉ፣ ከዚያ ነጥብ የሌለውን። ሲጨርሱ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው ሁለቱን ጫፎች ይመልከቱ። ሳንቲም የሆነ ከቨር ከላይ ብቅ ካለ ያመለጠ አለ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቁጥር ለመሆን እምቢ የሚሉ ጥቂት ሴሎች ይቀራሉ። አንድ ጊዜ የአንድ ሱቅ ዝርዝር ሳጸዳ COUNTA 240 ሲል COUNT 233 ላይ ቀረ። ሰባቱን አንድ በአንድ አየኋቸው። አራቱ ላይ ሺውን የለየው የእንግሊዝኛ ኮማ ሳይሆን የአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ነበር፤ «1፣800» ማለት ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ኮማ የተጫነ ሰው ሁሉ ይህን ያመጣል። ሁለቱ ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረጉ ስለነበሩ ተራ ክፍተት የሚመስል፣ ግን ሌላ የሆነ ክፍተት ነበረባቸው። ቁጥሩ 160 የሆነው የማይሰበር ክፍተት ይባላል፤ ተራውን ክፍተት ብታጠፋ እሱ አይነካም። ሰባተኛው «በስምምነት» ይላል። እሱንስ ምን ታደርገዋለህ!

በአንድ ላይ የሚያጸዳ ቀመር ከፈለጉ ይኸው። አጠገቡ ባለ ባዶ ኮለም ላይ ይጻፉት፦

```
=VALUE(TRIM(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(
 SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,"ብር.",""),"ብር",""),"፣",""),
 UNICHAR(160)," ")))
```

ብሩን ያጠፋል፣ ነጠላ ሰረዙን ያጠፋል፣ ክፉውን ክፍተት ወደ ተራ ክፍተት ይቀይርና ከዳርና ከዳር ይቆርጠዋል፣ በመጨረሻ ቁጥር ያደርገዋል። ያልቻለውን #VALUE! ይለዋል፤ እሱን በእጅ ያስተካክሉ። ልብ ይበሉ፣ SUBSTITUTE ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። «Br» ካሉት «BR»ን አይነካም። Find & Replace ግን ካላዘዙት በስተቀር አይለይም። ቀመሩ ሲሳካ ውጤቱን ኮፒ አድርገው Paste Special ውስጥ Values በሚለው አሮጌው ላይ ይለጥፉት። ጉግል ሺትስ ላይም ይኸው ቀመር ይሠራል።

አሁን ፎርማቱ። ኮለሙን መርጠው Ctrl+1፣ Number፣ Custom፣ ከዚያ Type የሚለው ሳጥን ውስጥ ከእነዚህ አንዱን ይጻፉ፦

```
#,##0.00 "ብር"
"ብር" #,##0.00
"ETB"* #,##0.00
```

ጉግል ሺትስ ላይ Format፣ Number፣ Custom number format በሚለው በኩል ያገኙታል። የመጀመሪያው ብሩን ከኋላ፣ ሁለተኛው ከፊት ያደርጋል። ሦስተኛው ላይ ያለው ኮከብና ክፍተት ኮዱን ወደ ሴሉ ግራ ጫፍ ገፍቶ ቁጥሩን ቀኝ ይተዋል። የሒሳብ ሠራተኞች የሚወዱት አቀማመጥ ነው። የጥቅስ ምልክቱን አይተዉ፤ E እና B በፎርማት ውስጥ ለኤክሴል የራሳቸው ትርጉም አላቸው። ጥቅሱም ቀጥ ያለው ይሁን። ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ ኮፒ ሲያደርጉ የሚመጣው ጠማማ ጥቅስና የኛው «» እዚህ አያገለግሉም።

ከፊት ይሁን ከኋላ ለሚለው፣ አሁን የምርጫ ጉዳይ ስለሆነ የራሴን ልናገር። በአማርኛ የምንለው «አራት መቶ ሃምሳ ብር» ነው፤ ከኋላ ያድርጉት። ሁሉም ረድፍ ላይ ያው ቃል ስላለ አኃዞቹ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። «ብር»ን ተራ ክፍተት ብቻ ሰጥተው ከፊት ካደረጉት ግን እንደ ቁጥሩ ርዝመት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ያስጠላል። ETB ዓለም አቀፍ ኮዱ ነው። ዝርዝሩን ውጭ ላለ አቅራቢ ከላኩ እሱን ይጠቀሙ። ዝርዝሩ በሙሉ ብር ብቻ ከሆነ ደግሞ ምንም ፎርማት ሳያስፈልግ የኮለሙ ርእስ ላይ «ዋጋ በብር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። 240 ጊዜ ብር ብር ከማለት እሱ ይሻላል።

የሚመለስ ወይም የተቀነሰ ሒሳብ በኔጌቲቭ የሚይዙ ከሆነ አንድ ነገር። ብሩን ከፊት ያደረገው ፎርማት ኔጌቲቩን «-ብር 250.00» ብሎ ነው የሚያሳየው። ካልወደዱት በሰሚኮለን ለይተው ሁለተኛ ክፍል ይጨምሩ፦

```
"ብር" #,##0.00;"ብር" -#,##0.00
```

ወደ ድርሃሙ እንምጣ። እዚህ ላይ ፎርማት ብቻውን አያዋጣም። ኤክሴል ለእያንዳንዱ ሴል የተለየ ፎርማት ይፈቅዳል፤ አንዱን «ብር» ሌላውን «ድርሃም» ማልበስ ይቻላል። ቁጥር ስለሆኑ ይደረደራሉም። ግን የሚደረደረው ባዶው ቁጥር ነው። 35 ድርሃም የተገዛ ፓወር ባንክ 150 ብር ከተገዛ ከቨር በታች ርካሽ ሆኖ ይቀመጣል። ድምሩም 185 ይላል፤ ብርም አይደለም ድርሃምም አይደለም። ተራ ቀመርም ፎርማቱን ስለማያይ ይህን ሊያርመው አይችልም። ለዕይታ ያማረ፣ ለሥራ የማይረባ ዝርዝር ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ የራሱ ኮለም ይኑረው። አምስት ኮለም ይበቃዎታል፤ ዕቃው፣ የተገዛበት መጠን፣ የገንዘቡ ኮድ፣ የተገዛበት ቀን ምንዛሪ፣ ወደ ብር ሲቀየር። ኮዱ ETB፣ AED፣ USD ይሁን። «$» አይጻፉ፤ የአሜሪካም የካናዳም የአውስትራሊያም ነው። በብር የተገዛ ዕቃ ምንዛሪው 1 ይሆናል። የመጨረሻው ኮለም ቀመር እንግዲህ ይህ ብቻ ነው፦

```
=B2*D2
```

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመች ብቻ ድርሃሙን 40 ብር እንበለው። ፓወር ባንኩ 35 ድርሃም፣ ስማርት ዋች 60 ድርሃም፣ ከቨሩ 150 ብር፣ ስፒከሩ 1900 ብር ነው የተገዛው። በመጀመሪያው መጠን ከደረደሩት ፓወር ባንክ፣ ዋች፣ ከቨር፣ ስፒከር ይሆናል። በብሩ ኮለም ሲደረደር ግን ከቨሩ 150፣ ፓወር ባንኩ 1400፣ ስፒከሩ 1900፣ ዋቹ 2400። በርካሽነት ሁለተኛ የነበረው ዋች ከሁሉ ውዱ ሆነ። በመጀመሪያው ዝርዝር ተማምነው ትርፍ ቢያሰሉ ኖሮ በኪሳራ ይሸጡት ነበር።

ምንዛሪውን እያንዳንዱ ረድፍ ላይ እንዲጽፉ የምለው ምክንያት አለኝ። ብዙዎች አንድ ጥግ ላይ የምንዛሪ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው ሁሉም ከዚያ እንዲያነብ ያደርጋሉ። ያምራል፣ ይቀላልም። ግን የዛሬውን ምንዛሪ ሲያስገቡ የዛሬ ስድስት ወር የተገዛው ዕቃ ዋጋም አብሮ ይቀየራል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ብር ከዶላር አንጻር ሲወርድ ከድርሃምም አንጻር አብሮ ይወርዳል። የግዢ ዋጋ ያለፈ ነገር ነው፤ ከገዙበት ቀን ምንዛሪ ጋር ይቆይ። ዛሬ መልሼ ባስመጣው ስንት ያወጣል የሚለውን ማወቅ ከፈለጉ ለእሱ ሌላ ኮለም ይክፈቱ።

ዓይንዎ ግን አሁንም «35.00 ድርሃም» የሚል ማየት ከፈለገ ኤክሴል ላይ ይቻላል። የመጠኑን ኮለም ከB2 ጀምሮ ወደ ታች ይምረጡ፣ Conditional Formatting፣ New Rule፣ በቀመር በሚለው ይህን ይጻፉ፦

```
=$C2="AED"
```

ከዚያ Format ውስጥ Number የሚለው ላይ `#,##0.00 "ድርሃም"` ይስጡት። ለETBም እንዲሁ ሁለተኛ ሕግ ይጨምሩ። ኮዱን ሲቀይሩ ልብሱ ራሱ ይቀየራል። ጉግል ሺትስ ላይ ይህ አይሠራም፤ እዚያ ኮንዲሽናል ፎርማት ቀለምና የፊደል ቅርጽ እንጂ የቁጥር ፎርማት አይቀይርም። ኮዱ አጠገቡ ስላለ ግን ምንም አይጎድልዎትም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ብሩን በቀመር ሊለጥፍ ይሞክራል፤ `=B2&" ብር"` ወይም `=TEXT(B2,"#,##0.00")&" ብር"`። ሁለቱም የሚሰጡት ጽሑፍ ነው፤ ወደ ተነሱበት ይመልስዎታል። ደረሰኝ ሲያትሙ ወይም ደብዳቤ ውስጥ ሲያስገቡ ይጠቅማሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የሚደረደረው ኮለም አያድርጓቸው።

ምክሬን በአጭሩ ካሉኝ፣ ዝርዝሩን በአምስቱ ኮለም አድርገው እንደገና ያዘጋጁት፣ ሁሌ በብሩ ኮለም ይደርድሩ፣ «ብር» የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሴል ውስጥ በእጁ አይጻፍ። የመጨረሻው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ሱቁ ውስጥ ሌላም ሰው ይጽፋል። ፎርማት የለበሰ ሴል ላይ «ብር 500» ብሎ የጻፈ ሰው ያንን ሴል መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል። ለዚህ Data Validation አለ። የመጠኑን ኮለም መርጠው Data፣ Data Validation፣ Allow ላይ Decimal፣ ከዚያ ከዜሮ የሚበልጥ ወይም እኩል ይበሉት። ፊደል የጨመረ ሰው ኤክሴል አልቀበልም ይለዋል። Error Alert ላይ «ቁጥር ብቻ ጻፍ፣ ብር አትጻፍ» ብለው በአማርኛ ማስገባት ይችላሉ። ገደቡ ግን አንድ ነው፤ በእጅ የተጻፈውን እንጂ ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈውን አያስቆምም። ስለዚህ ያቺን COUNTA እና COUNT ከዝርዝሩ በላይ ትተው በየጊዜው ገረፍ አድርገው ይዩዋት።

ዝርዝሩን ወደ ሽያጭ ሶፍትዌር ለማስገባት CSV አድርገው የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ። CSV የሚይዘው ስክሪን ላይ የሚታየውን ነው፤ ልብሱ አብሮ ይወጣና «450.00 ብር» ብሎ ይጻፋል። ሶፍትዌሩም እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል ወይም አይቀበልም። ከማውጣትዎ በፊት በኮፒው ላይ ፎርማቱን General ያድርጉት። የዕቃ ስሞቹ አማርኛ ስለሆኑ ሲያስቀምጡ CSV UTF-8 የሚለውን ይምረጡ፤ ተራውን CSV ከመረጡ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ።